ፈረንሳዊ አንባቢ ቁጥራችሁን እንዴት ያነበዋል?



የዚህ የቡና ላኪዎችና ትራንዚተሮች መድረክ አዘጋጆች ሲጋብዙኝ የሚፈልጉትን በግልጽ ነግረውኛል። «ሰዋስው አያስተምሩን። ከሌ ሃቭር ገዢ ወይም ከጂቡቲ ወኪል ጋር በፈረንሳይኛ ስንጻጻፍ ቃሉ ላይ ተግባብተን ቁጥሩ ላይ ለምን እንደምንለያይ ይንገሩን» አሉኝ። እኔም ከዚህ አልወጣም። የዛሬው ርዕሴ በፈረንሳይኛ ኢሜይል ውስጥ ቀን፣ ሰዓት፣ የክብደት መጠንና የገንዘብ ልክ እንዴት እንደሚጻፍ ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

አብዛኞቻችን የንግድ ደብዳቤ መጻፍ የለመድነው በእንግሊዝኛ ነው። ፈረንሳይኛ ስንጽፍ ቃሉን እንለውጥና ቁጥሩን እንደነበረ እንተወዋለን። ቁጥር ለሁሉም አንድ ነው ብለን እናስባለን። ነጥቡ፣ ኮማውና ሰያፍ መስመሩ ግን ለሁሉም አንድ አይደሉም።

ከዚህ አዳራሽ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ የምመርጥላችሁ ይህን ነው፦ አንዳንዱ ቁጥር ራሱን ያጋልጣል፤ አንዳንዱ ራሱን ይደብቃል። ራሱን የሚያጋልጠውን አንባቢው አይቶ «ይህ ነገር ልክ አይመስልም» ይልና ይጠይቃችኋል። ራሱን የሚደብቀውን ግን እናንተም በልባችሁ ትክክል ነው ብላችሁ ትልኩታላችሁ፣ እሱም በልቡ ትክክል ነው ብሎ ይቀበለዋል። ሁለታችሁም አልተጠራጠራችሁም፤ የያዛችሁት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ነው።

ለማሳያ አንድ አጭር ኢሜይል አዘጋጅቻለሁ። አንድ ሙሉ ኮንቴይነር ቡና የሚመለከት ነው። ሒሳቡን ታውቁታላችሁ፤ 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። እንዲህ ይላል፦

```
Bonjour Monsieur,
Nous confirmons 19,200 kg (320 sacs)
à $6.35/kg, soit $121,920.
Merci de répondre avant le 03/04/2025 à 2:30.
```

ፈረንሳይኛው ደህና ነው። ጨዋ ነው፣ አጭር ነው። ቁጥሮቹ ግን አንድም ሳይቀር በእንግሊዝኛ ልማድ የተጻፉ ናቸው። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ነጥብ ቀን ነው።

ፈረንሳይ ውስጥ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ዓመት መጨረሻ ይመጣል። ስለዚህ ሌ ሃቭር የተቀመጠው ሰው `03/04/2025` ሲያነብ ኤፕሪል 3 ብሎ ያነባል። አሜሪካዊ ልማድ ያለው ጸሐፊ ግን ማርች 4 ለማለት ጽፎት ሊሆን ይችላል። ይህ ልማድ እኛ ጋር የሚገባው ብዙ ጊዜ በራሳችን እጅ አይደለም። ቢሮ ውስጥ ያለው ኮምፒውተር አቀማመጡ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከሆነ ኤክሴል ወሩን አስቀድሞ ያሳያል። ሠራተኛው ከዚያ ገልብጦ ኢሜይሉ ላይ ይለጥፈዋል። እሱ ራሱ ቀን አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ሆኖ ሳለ ኢሜይሉ ወር አስቀድሞ ይሄዳል።

በእኛ አቆጣጠር ስታስቡት ልዩነቱ ይበልጥ ይታያችኋል። ማርች 4 የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ኤፕሪል 3 ደግሞ መጋቢት 25። ድፍን አንድ ወር ማለት ነው። ለኮንቴይነር አንድ ወር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

እዚህ ላይ ያንን ዋና ሐሳብ አስታውሱ። `25/04/2025` ራሱን ያጋልጣል፤ ሃያ አምስተኛ ወር የለምና። ራሱን የሚደብቀው ቀኑ ከ1 እስከ 12 ሲሆን ነው። በየወሩ እንዲህ ያሉ 12 ቀኖች አሉ፣ ባጠቃላይ በዓመት 144። ከነዚህ ውስጥ ቀንና ወሩ እኩል የሆኑትን 12ቱን፣ ማለትም 01/01፣ 02/02 እያለ የሚሄደውን ስትቀንሱ 132 ይቀራል። ከዓመቱ ቀኖች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በሁለት መንገድ ሊነበቡ ይችላሉ ማለት ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወሩን በፊደል ጻፉት። ፈረንሳዩ እንዲህ ይጽፋል፦ `le jeudi 3 avril 2025`። አራት ነገሮችን አስተውሉ። ከቀኑ በፊት `le` አለ። የዕለቱም የወሩም ስም በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ትልቅ ፊደል ማድረግ ስሕተት ነው። በመሃል ኮማ የለም። ቁጥሩ ላይ ምንም አይቀጠልም፤ የወሩ መጀመሪያ ቀን ብቻ `1er avril` ተብሎ ይጻፋል፤ ከ2 ጀምሮ ያለው ባዶ ቁጥር ነው።

የዕለቱን ስም መጨመር ለጌጥ አይደለም። ኤፕሪል 3 ቀን 2025 ሐሙስ ነበር፣ ማርች 4 ማክሰኞ። `jeudi` የሚለው ቃል ካለ፣ ቀኑን ያዛባችሁ እንደሆነ ዕለቱ ያሳብቅባችኋል። ያለምንም ወጪ ቁጥሩን ራሱን የሚያጋልጥ አደረጋችሁት ማለት ነው።

በሠንጠረዥ ወይም በፋይል ስም ውስጥ ወሩን በፊደል መጻፍ ካልተመቻችሁ ዓመቱን አስቀድሙ፦ `2025-04-03`። ይህ ዓለም አቀፍ ደረጃ የወጣለት አጻጻፍ ነው። ኬቤክ ውስጥ ቀን በቁጥር ብቻ ሲጻፍ የሚመከረውም ይኸው ነው። ዓመት አስቀድሞ ቀን የሚያስከትል ልማድ በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ስለሌለ የሚሳሳት አንባቢ አይኖርም።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። በናሙናችን ላይ `avant le` የሚል አለ። ቃል በቃል ከያዘው ሰው ጋር ከተገናኛችሁ፣ ከኤፕሪል 3 በፊት ማለት እስከ ኤፕሪል 2 ማለት ነው። ኤፕሪል 3 ራሱ እንዲቆጠር የምትፈልጉ ከሆነ `au plus tard le 3 avril` ብላችሁ ጻፉ። በኋላ መከራከር አይመጣም።

ሁለተኛው ነጥብ ሰዓት ነው።

ናሙናው `2:30` ይላል። ጸሐፊው ከሰዓት በኋላ ማለቱ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ቆጥሮ፣ `PM` የሚለውን መለያ ደግሞ «ይታወቃል» ብሎ ትቶታል። ፈረንሳዩ ግን በጽሑፍ የሚቆጥረው በሃያ አራት ሰዓት ነው። ለእሱ 2:30 ሌሊት ነው። ያንን መለያ ብትጨምሩበትም የእንግሊዝኛ ሆኖ ይቀራል እንጂ የፈረንሳይኛ ኢሜይል አጻጻፍ አይሆንም። ትክክለኛው `14 h 30` ነው። በቁጥሮቹና በ`h` መካከል ክፍት ቦታ ይገባል። ብዙ ፈረንሳዮች በችኮላ `14h30` ብለው አጣብቀው ይጽፉታል፤ ትርጉሙ አይለወጥም። ሁለት ነጥብ ያለበት `14:30` ለጊዜ ሰሌዳና ለሠንጠረዥ ይሆናል።

እዚህም ዋናው ሐሳባችን ይሠራል። ከ13 እስከ 23 ያለው ሰዓት ራሱን ያጋልጣል። ከ1 እስከ 12 ያለው ራሱን ይደብቃል። በተለይ 12ን ተጠንቀቁ። በእንግሊዝኛው መለያ እኩለ ሌሊቱ የትኛው፣ ቀትሩ የትኛው እንደሆነ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ይምታታባቸዋል። ፈረንሳይኛ ለቀትር `12 h` ወይም `midi`፣ ለእኩለ ሌሊት `0 h` ወይም `minuit` ይላልና ችግሩን ይገላግላችኋል።

እኛ ደግሞ በሰዓት ላይ የራሳችን ተጨማሪ ጣጣ አለብን። ከመጋዘኑ ሰው ጋር በስልክ «ስምንት ሰዓት ተኩል» ተባብላችሁ ስትጨርሱ ጣታችሁ ወደ ኢሜይሉ ሄዶ `8 h 30` ሊጽፍ ይችላል። ይህ ራሱን አጥብቆ ይደብቃል፤ በፈረንሳይ ቢሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል የተለመደ የቀጠሮ ሰዓት ነውና ማንም አይጠይቃችሁም። ስለዚህ በአማርኛ ከሚባለው ላይ እየጨመራችሁና እየቀነሳችሁ አታስሉ፤ መንገዱ ረጅም ነው። ኮምፒውተሩንና ስልካችሁን በሃያ አራት ሰዓት አቀማመጥ አድርጉና ያንኑ ገልብጡ።

የቀረው የማን ሰዓት ነው የሚለው ጥያቄ ነው። ከጂቡቲ ጋር ሰዓታችን አንድ ስለሆነ እዚያ ችግር የለም። ፓሪስ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ትለውጣለች፤ በማርች የመጨረሻ እሑድና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። በክረምታቸው በሁለት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፣ በበጋቸው በአንድ። በ2025 ለውጡ የሆነው ማርች 30 ቀን ነው። እንግዲህ ወደ ናሙናችን ተመለሱ። ኤፕሪል 3 ከሆነ የአዲስ አበባ 14 h 30 በፓሪስ 13 h 30 ነው። ማርች 4 ከሆነ ደግሞ 12 h 30። ቀኑ ከተምታታ ሰዓቱም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ሁለቱንም ጻፉ፦ `14 h 30, heure d'Addis-Abeba (13 h 30, heure de Paris)`። ሁለት ሰዓት ከተጻፈ አንዱ የሌላው ምስክር ይሆናል።

ሦስተኛው ነጥብ መጠን ነው፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ሺህን በኮማ ይለያል፣ አስርዮሽን በነጥብ። ፈረንሳይኛ አስርዮሽን በኮማ ይለያል፣ ሺህን በክፍት ቦታ። ስለዚህ `19,200 kg` ለእንግሊዝኛ አንባቢ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ነው፤ ለፈረንሳይኛ አንባቢ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም።

«ማንም ሰው 320 ጆንያ ቡና አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ነው ብሎ አያምንም» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ጆንያው ተጽፎ እያለ ሰው አይሳሳትም። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ናሙና ቡና በአውሮፕላን ስትልኩ `1,500 kg` ብትጽፉ አንድ ተኩል ኪሎ ለናሙና የሚታመን ክብደት ነው፤ አንድ ሺህ አምስት መቶም ለጭነት የሚታመን ነው። ቁጥሩ ራሱን ደበቀ። ሁለተኛ፣ ኤክሴል ስለ ጆንያ አያውቅም። የፈረንሳዩ ሠራተኛ ከኢሜይላችሁ `19,200` ገልብጦ በፈረንሳይኛ በተቀመጠ ሠንጠረዥ ላይ ሲለጥፍ ኤክሴሉ 19,2 ብሎ ይይዘዋል፤ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

ማባዛቱም አያድናችሁም። የተሳሳተውን 19,2 በ6,35 ስታባዙት 121,92 ይመጣል። ኢሜይሉ ላይ ያለው ጠቅላላ ዋጋ ደግሞ `121,920` ነው፤ ይህም በፈረንሳይኛ ሲነበብ ያው 121,92 ነው። ስሕተቱ ከስሕተቱ ጋር ገጠመ፤ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ወጣ።

የአደጋውን ምልክት በቀላሉ ልትለዩት ትችላላችሁ። አንድ መለያ ብቻ ካለና ከመለያው በኋላ ልክ ሦስት አኃዝ ካለ፣ ቁጥሩ ራሱን የሚደብቅ ነው። ከመለያው በኋላ ሁለት አኃዝ ካለ አስርዮሽ መሆኑ ይታወቃል፤ `6.35` የተጻፈው በእንግሊዝኛ ልማድ ቢሆንም ፈረንሳዩ ይረዳዋል። `121,920.00` ተብሎ ቢጻፍም ሁለት ዓይነት መለያ ስላለበት የኋለኛው የአስርዮሽ መሆኑ ግልጽ ነው። ፈረንሳይኛ ሠንጠረዥ ላይ ሲለጠፍም እንደ ቁጥር አይያዝም፤ በሳጥኑ ግራ በኩል እንደ ጽሑፍ ይቀመጣል፣ ድምሩ ውስጥም አይገባም። ሠራተኛው ያየዋል። ይህ ያበሳጫል እንጂ አያሳስትም።

ከጂቡቲ ጋር የምትሠሩ ደግሞ አንድ ምሳሌ በየቀኑ ፊት ለፊታችሁ አለ። የጂቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ልክ የታሰረ ነው፤ ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር በ177,721 ፍራንክ። ይህን በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነው የጻፍኩት፤ መቶ ሰባ ሰባት ፍራንክና ከዚያ በኋላ የሚከተለው ክፍልፋይ ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ዓይን ያየው ሰው ግን መቶ ሰባ ሰባት ሺህ ብሎ ያነባል። አንድ መለያ፣ ሦስት አኃዝ።

መፍትሔው ሺህን በክፍት ቦታ መለየት ነው፦ `19 200 kg`። ይህ የፈረንሳይ ጠባይ ብቻ አይደለም። የክብደትና መለኪያ ጠቅላላ ጉባኤ በ1948 ረጅም ቁጥርን ሦስት ሦስት እያደረጉ በክፍት ቦታ መለየትን ፈቀደ። በ2003 ደግሞ አስርዮሹ በነጥብም በኮማም ሊሆን እንደሚችል፣ በሺዎቹ መካከል ግን ነጥብም ኮማም እንዳይገባ ደገመው። ክፍት ቦታን እንግሊዝኛ አንባቢም አይሳሳትበትም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ተራ ክፍት ቦታ ከተጠቀማችሁ መስመሩ ሲያልቅ 19 ወዲህ፣ 200 ወዲያ ሊቀር ይችላል። የማይሰበር የሚባል ክፍት ቦታ አለ፤ ዎርድ ላይ `Ctrl+Shift+Space` ስትጫኑ ይገባል። ለሺህም፣ ለ`14 h 30`ም፣ ለመቶኛም ይኸው ነው። መቶኛን ካነሳሁ አይቀር፦ የቡናችሁን እርጥበት ስትጽፉ `11.5%` ሳይሆን `11,5 %` ነው፤ ኮማ፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ ምልክቱ።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ገንዘብ ነው። ብዙው ስለተነገረ ፈጠን እላለሁ።

ፈረንሳይኛ የገንዘቡን ምልክት ከቁጥሩ በኋላ ያስቀምጣል፦ `6,35 €`። የዶላር ምልክት ግን ብቻውን አይበቃም፤ ሞንትሪያል ላለ ገዢ ያ ምልክት የካናዳ ዶላር ነው። ስለዚህ ሦስት ፊደል ያለውን መለያ ተጠቀሙ፦ `USD`፣ `EUR`፣ `DJF`። ጠቅላላ ዋጋ ላይ ሳንቲም ባይኖርም `,00` ጨምሩ፦ `121 920,00 USD`። ሁለቱ ዜሮዎች አስርዮሹ የት እንደሆነ ይመሰክራሉ።

ትልልቅ ገንዘብ የምትጠሩ ከሆነ ደግሞ እኛና እንግሊዝኛው ቢሊዮን የምንለው ሺህ ሚሊዮን በፈረንሳይኛ `milliard` ነው። የእነሱ `billion` ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፤ ከእኛው በሺህ እጥፍ ይበልጣል።

ፈረንሳይኛ የሚጽፍ ሁሉ እንደ ፈረንሳይ እንደማይጽፍም እወቁ። የስዊዘርላንድ ባንክ `121'920.00` ብሎ ቢልክላችሁ አትደንግጡ፤ እዚያ ሺህ በጭረት ይለያል፣ የገንዘብ አስርዮሽ በነጥብ። ከቤልጅግ `19.200` ሊመጣላችሁ ይችላል፤ ነጥቧ የሺህ ናት። ስትቀበሉ የላኪውን አገር ልማድ አስቡ። ስትልኩ ግን ክፍት ቦታውና የገንዘቡ ሦስት ፊደል በየትኛውም አገር ይገባሉ።

አሁን ናሙናችንን አስተካክለን እንጻፈው፦

```
Bonjour Monsieur,
Nous confirmons 19 200 kg (320 sacs de 60 kg)
à 6,35 USD le kg, soit 121 920,00 USD.
Merci de répondre au plus tard le jeudi 3 avril 2025
à 14 h 30, heure d'Addis-Abeba
(13 h 30, heure de Paris).
```

ከፊተኛው የረዘመው በሁለት መስመር ብቻ ነው። አሁን ግን ጆንያው ክብደቱን ያረጋግጣል፣ ዕለቱ ቀኑን፣ የፓሪስ ሰዓት የአዲስ አበባን ሰዓት። ፓሪስም፣ ሞንትሪያልም፣ ጂቡቲም ያለ ሰው የሚያነበው አንድ ነገር ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ነገ ጠዋት ቢሮ ስትገቡ የማሳስባችሁ ይህን ነው። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ ደንበኛ የምትልኩትን የመጀመሪያ ኢሜይል «ላክ» ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ፈልጉበት፦ ወሩ በቁጥር የተጻፈ ቀን፣ ከ12 ያልበለጠ ሰዓት፣ አንድ መለያና ሦስት አኃዝ ያለው ቁጥር። ቀኑንና ቁጥሩን አስተካክሉ፤ ሰዓቱን ደግሞ በእርግጥ የጠዋት መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ላኩት።